ካራክተርህ የሚዘገየው ሞካፕ አንሶት አይደለም

ጥያቄው፦ «በትርፍ ጊዜዬ የሶስተኛ ሰው እይታ ጌም እየሠራሁ ነው። ሞሽን ማቺንግ አስገብቼ የአንድ ሰዓት ያህል ሞካፕ ጫንኩበት። ምንም እንዳይጎድል ብዬ የሁሉንም አጥንት ቦታና ፍጥነት ፊቸር ውስጥ ከተትኩ። ግን ስቲኩን ድንገት ወደ ኋላ ስመልሰው ካራክተሩ ቶሎ አይዞርም። ትንሽ ሮጦ ነው የሚዞረው፤ ሲዞርም እግሩ ይንሸራተታል። ተጨማሪ ሞካፕ ልግዛ ወይስ ሲስተሙ ለእንዲህ ዓይነት ጌም አይሆንም?»

ሞካፕ አትግዛ። ሲስተሙም ይሆናል። እንዳልከው ከሆነ ችግሩ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንደኛ፣ ፊቸርህ በዝቶ ዋናውን ነገር ውጦታል። ሁለተኛ፣ ካራክተርህን የምትጠይቀው ተዋናዩ ፈጽሞ ያላደረገውን ነገር ነው። የመጀመሪያው በግማሽ ቀን ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን ውሳኔ ይፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሞሽን ማቺንግ አዲስ እንቅስቃሴ አይፈጥርም። ተዋናዩ በሞካፕ ሲቀረጽ ያደረገውን ብቻ ነው የሚያጫውተው። ዳታቤዝህ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ረድፍ ቁጥር አለው፤ ፊቸር የምንለው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ጌሙ ሲሄድ ደግሞ አንተ ሌላ ረድፍ ታዘጋጃለህ፤ ኩዌሪ የምንለው እሱን ነው። «አሁን እግሬ እዚህ ነው፣ በሚቀጥለው አንድ ሰከንድ ደግሞ እዚያ መድረስ እፈልጋለሁ» ይላል። ሲስተሙ ኩዌሪውን ከሁሉም ረድፎች ጋር አስተያይቶ ርቀቱ ትንሹን ይመርጣል፣ እዚያ ፍሬም ላይ ይዘላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሲሞን ክላቬት እ.ኤ.አ. በ2016 የጌም አልሚዎች ጉባኤ ላይ ያቀረበው፣ በኋላም ፎር ኦነር ጌም ላይ ያየነው መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው። በውስጡ የተደበቀ ብልሃት የለም። ጥሩ መልስ የምታገኘው ረድፉ ላይ የጻፍከው ጥሩ ከሆነና ዳታው ውስጥ መልሱ ካለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ረድፉን እንየው። ለእግር ጉዞና ለሩጫ በደንብ የተፈተነው ረድፍ 27 ቁጥር ነው ያለው። 12ቱ የወደፊቱ መንገድ ናቸው። ከ0.33፣ ከ0.67 እና ከ1 ሰከንድ በኋላ ካራክተሩ መሬት ላይ የት እንደሚሆንና ወዴት እንደሚያይ ይናገራሉ። ስድስቱ የሁለቱ እግሮች ቦታ ናቸው፣ ስድስቱ የእግሮቹ ፍጥነት፣ ሦስቱ የዳሌው ፍጥነት። በቃ። እጅ የለም፣ ራስ የለም፣ ጉልበት የለም።

አንተ ግን ሁሉንም አጥንት ከተሃል። አጽምህ 22 መገጣጠሚያ አለው እንበል። ቦታና ፍጥነት ሲደመር 132 ቁጥር ይሆናል። መንገዱን የሚናገሩት ግን አሁንም 12 ብቻ ናቸው። አሁን ስቲኩን ወደ ኋላ መለስክ። በዚያች ቅጽበት ሁለት እጩ ፍሬሞች ይፎካከራሉ። አንዱ አሁን እየተጫወተ ያለው ቀጥታ ሩጫ ቀጣይ ፍሬም ነው። የሰውነት አቋሙ ካንተ ጋር አንድ ስለሆነ በ132ቱ ቁጥሮች ርቀቱ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚሸነፈው በ12ቱ ብቻ ነው። ሌላው ተዋናዩ የሚዞርበት ፍሬም ነው። መንገዱ በትክክል ይገጥማል። ግን ክንዱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ትከሻው ዞሯል፣ አንገቱ ዘንበል ብሏል። እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች በ132 ቦታ ሲደመሩ ትልቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ቀጥታ ሩጫው ያሸንፋል። ትንሽ ቆይቶ የአቋም ልዩነቱ የሚቀንስበት ፍሬም ላይ ሲደርስ ነው መዞሪያው የሚመረጠው። «ትንሽ ሮጦ ነው የሚዞረው» ያልከው ይኼ ነው።

እጅን ማውጣት ብዙ ሰው ያስፈራዋል። አያስፈራህ። ሰው ሲራመድ ክንዱ እግሩን ይከተላል፤ እግሩን ካወቅክ ክንዱ የት እንዳለ በግምት ታውቃለህ። የቀረውን ትንሽ ልዩነት የሽግግሩ ማለስለሻ ይሸፍነዋል። የእግርን ፍጥነት ግን እንዳታወጣ። አንድ ሰው ሲራመድ ከጎን ሆነህ እየው። አንዱ እግር ሌላውን የሚያልፍበት ቅጽበት አለ፤ ሁለቱም ከዳሌው በታች ጎን ለጎን ናቸው። ከቦታቸው ብቻ ቀኙ ነው ወደፊት የሚወረወረው ወይስ ግራው የሚለውን ለመለየት ይከብዳል። ከፍታቸው በጥቂት ሴንቲሜትር ነው የሚለያየው። ፍጥነታቸው ግን በግልጽ ይለያል። መሬት የረገጠው ቆሟል፣ ሌላው እየበረረ ነው። ፍጥነት ከሌለ ሲስተሙ ሁለቱን ያምታታና ካራክተሩ እርምጃውን ግማሽ ላይ ይቀይራል። ስታየው እንደ መደናቀፍ ነው።

ቁጥሮቹን ወደ አንድ ሚዛን ማምጣትም አለብህ። የእግር ቦታ የሚለዋወጠው በሴንቲሜትር ነው፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ብዙ ሜትር። ሳታመጣጥን ካወዳደርካቸው ፍጥነቱ ብቻውን ይፈርዳል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ቁጥር አማካዩን ቀንሶ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማካፈል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የአንድን እግር ሦስት ቁጥሮች ለየብቻ አታካፍል። የሦስቱን አማካይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወስደህ ለሦስቱም በእሱ አካፍል። አለበለዚያ ከፍታ እምብዛም ስለማይለዋወጥ በትንሽ ቁጥር ይካፈልና የሞካፑ ሁለት ሴንቲሜትር ስህተት እንደ ትልቅ ልዩነት ይቆጠራል። ካመጣጠንክ በኋላ ክብደት ትሰጣለህ። የእግር ቦታ 0.75፣ የሚያይበት አቅጣጫ 1.5፣ የቀረው 1 ጥሩ መነሻ ነው። ካራክተሩ ከዘገየ የመንገዱን ክብደት ጨምር። እግሩ ከተንቀጠቀጠና እርምጃው ከተቆራረጠ ደግሞ የአቋሙን ጨምር። በአንዴ አንዱን ብቻ ንካ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። እኔ ራሴ በአንድ ስቱዲዮ ስሠራ ሳምንታት የበላን ችግር ነው። ክብደት እየቀያየርን፣ ዳታ እየጨመርን፣ መዞሩ አልስተካከል አለ። ስህተቱ የነበረው ኩዌሪው ውስጥ ነው።

መንገዱን የምትተነብየው በአንድ ዓይነት ስፕሪንግ ነው ብዬ ልገምት። ስቲኩ የሚፈልገውን ፍጥነት ይነግርሃል፣ ካፕሱሉ፣ ማለትም ካራክተሩን ጌሙ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው የማይታይ ቅርጽ፣ ቀስ እያለ ወደዚያ ፍጥነት ይሄዳል። በጣም የተለመደው ቀመር ይኸውና፦

```
y = 2 * ln(2) / h
v(t) = g + (v0 - g) * (1 + y*t) * exp(-y*t)
```

`v0` አሁን ያለህ ፍጥነት ነው፣ `g` የምትፈልገው፣ `h` ደግሞ ስፕሪንጉ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ የሚወስን ጊዜ በሰከንድ። ካራክተሩ በሰከንድ 4 ሜትር ወደፊት እየሮጠ ነው፣ አንተ ስቲኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መለስክ እንበል። `v0` 4፣ `g` ደግሞ -4 ነው። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆነው `1.21 * h` ሰከንድ ሲሞላ ነው።

ጌሙ ቀልጣፋ እንዲሆን ብለህ `h`ን 0.1 አድርገኸዋል እንበል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ያን ጊዜ ካፕሱልህ በ0.12 ሰከንድ ይቆማል፣ ወደፊት የሚንሸራተተውም 27 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ደግሞ ከተነሳበት 2.85 ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል። አሁን ሞካፑን ክፈትና ተዋናዩ የሚዞርበትን ቦታ ፈልግ። ፍጥነቱ መቀነስ ከጀመረበት ፍሬም እስከሚቆምበት ፍሬም ቁጠር። 0.45 ሰከንድ አገኘህ እንበል። ሰው ነውና አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ይፈልጋል፤ ዳሌውን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱን እግር ይተክላል፣ ከዚያ ነው የሚገፋው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ወደፊት ይሄዳል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ገና ተመልሶ መዞር የጀመረበት ቦታ አካባቢ ነው የሚገኘው።

ሁለቱን አስተያያቸው። ኩዌሪው «ከአንድ ሰከንድ በኋላ 2.85 ሜትር ወደ ኋላ ልሁን» ይላል። ዳታው ውስጥ በዚያ ፍጥነት እየሮጠ ያን ያደረገ ፍሬም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሲስተሙ ግን «የለኝም» ማለት አያውቅም። ሁሌም ቅርቡን ይመርጣል። ቅርቡ ምናልባት ተዋናዩ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ የሚሮጥበት ቦታ ይሆናል፣ ወይ ከቆመበት ወደ ኋላ የሚነሳበት። አንድ ሰዓት ዳታ ወደ አሥር ሰዓት ብታሳድገው ያው ነው። እግሩም የሚንሸራተተው ከዚሁ ነው። ካፕሱሉ ቀድሞ ዞሯል፣ ተዋናዩ ገና እየረገጠ ነው፣ አንተ ደግሞ ተዋናዩን ወደ ካፕሱሉ ትጎትተዋለህ።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ካፕሱሉን ወደ ተዋናዩ ማምጣት ነው። የለካኸውን 0.45 ለ1.21 አካፍል፤ `h` 0.37 ገደማ ይሆናል። እግሩ መሬት ይይዛል፣ እንቅስቃሴው ያምራል። ግን ተጫዋቹ ካራክተሩ ከበድ ብሎ ይሰማዋል። ሁለተኛው ተዋናዩን ወደ ካፕሱሉ ማምጣት ነው። መዞሪያዎቹን ብቻ በ15 ወይም በ20 በመቶ አፍጥናቸው። ከዚያ ካለፈ ዓይን ይይዘዋል፤ ሰውነቱ ክብደት የሌለው ይመስላል። ሦስተኛው ካፕሱሉና የሚታየው ሰውነት ትንሽ እንዲለያዩ መፍቀድ ነው። ካፕሱሉ ይቀድማል፣ ሰውነቱ እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፣ ከዚያ ወደ ካፕሱሉ በቀስታ ይሳባል። መሳቡን ካራክተሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ አድርገው። ቆሞ ሳለ ከተሳበ በግልጽ ይታያል። ጠባብ በርና ግድግዳ አጠገብም ተጠንቀቅ፤ ሰውነቱ ግድግዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ላንተ የምመክረው ይኼን ነው። ብቻውን የሚጫወቱት የሶስተኛ ሰው ጌም ከሆነ ከተዋናዩ ተነሳ። `h`ን 0.37 አድርገህ ጀምር። ያን ጊዜ መዞሩ ሲያምር ታያለህ፤ ሲስተሙ እንደሚሠራም ታረጋግጣለህ። ከዚያ በ0.03 እየቀነስክ ውረድ። የተመረጠው ፍሬም ርቀት ድንገት የሚዘልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ አቁም። የቀረችውን ትንሽ ጊዜ በሦስተኛው መንገድ ሸፍናት። ኦንላይን የተኩስ ጌም ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚያ ካፕሱሉ ያዛል፣ የእግር መንሸራተት በእግር ማስተካከያ አይኬ የሚሸፈን ዋጋ ነው።

አንሪል ኤንጂን ላይ `Pose Search` ፕለጊኑን እየተጠቀምክ ከሆነ ይህን ስፕሪንግ ላታየው ትችላለህ። መንገዱ የሚተነበየው ከካራክተር ሙቭመንት ቅንብር ነው። እዚያ `Max Acceleration` ሳይነካ 2048 ነው። በሰከንድ 400 ሴንቲሜትር የሚሮጥ ካራክተር በዚህ ከ0.2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆማል። መጀመሪያ እሱን አይ።

ዳታቤዙን በተመለከተ፣ አንድ ሰዓትህን ሳትቆርጥ እንዳለ የጫንከው ይመስለኛል። ሞካፕ ቀረጻ ውስጥ የማይፈለግ ብዙ ነገር አለ። ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ ለካሊብሬሽን የቆመበት፣ ልብሱን የሚያስተካክልበት፣ መመሪያ እየሰማ ዞር ዞር የሚልበት። እነዚህ ካልወጡ አንድ ቀን ተጫዋቹ ስቲኩን ሲለቅ ካራክተሩ ሱሪውን ከፍ ሲያደርግ ታያለህ። የእያንዳንዱ ክሊፕ የመጨረሻ አንድ ሰከንድም ከፍለጋው ይውጣ። እዚያ ያለ ፍሬም ከአንድ ሰከንድ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅምና ረድፉ ውሸት ነው። ፍሬሙ መጫወት ይችላል፤ ሊመረጥ ብቻ አይገባም።

ተደጋጋሚውንም ቀንስ። ምናልባት ከ60 ደቂቃው 40ው ቀጥታ ሩጫና መራመድ ነው። ትርፍ ሆኖ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ተመሳሳይ ስድስት ሩጫ ካለ ሲስተሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይውላል፤ ርቀታቸው እኩል ስለሆነ። ካራክተሩ ቀጥ ብሎ እየሮጠ ትከሻው ትንሽ ትንሽ ሲነቀነቅ ካየህ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል። ከስድስቱ ጥሩውን አስቀር። አሁን እየተጫወተ ላለው ክሊፕም ትንሽ ቅናሽ ስጠው፤ ሌላው በግልጽ ካልበለጠ አይዘልም።

በተቃራኒው መዞሪያዎች ብዙ ጊዜ ያንሳሉ። የሚያስፈልግህን በወረቀት ጻፍ፦ ከቆመበት በስምንት አቅጣጫ መነሳት፣ በግራና በቀኝ እግር መቆም፣ ሰፊና ጠባብ ክብ፣ ከሩጫ 45፣ 90፣ 135 እና 180 ዲግሪ መዞር፣ እያንዳንዱ መዞሪያ አንዴ ግራ እግር ተክሎ አንዴ ቀኝ እግር ተክሎ። ይህን ሁሉ የያዘ አሥር ደቂቃ ካንተ አንድ ሰዓት ይበልጣል። ግራና ቀኙን በመገልበጥ ግማሹን በነጻ ታገኘዋለህ። በእጁ መሣሪያ የያዘ ካራክተር ላይ ግን አይሠራም፤ ጠመንጃው ወደ ግራ እጅ ይዞራል።

ምን እንደሚጎድል በዓይን አትፈልግ። ጌሙን ለአሥር ደቂቃ ያህል ተጫወትና በእያንዳንዱ ፍለጋ ሁለት ነገር መዝግብ፦ የተመረጠው ፍሬም ቁጥርና ርቀቱ። ፈጽሞ ያልተመረጡ ክሊፖች ይወጣሉ። ርቀቱ ከተለመደው ሦስትና አራት እጥፍ የሆነባቸው ቅጽበቶች ደግሞ የት ዳታ እንደጠፋ ያሳዩሃል። አንተ ዘንድ ብዙዎቹ 180 ዲግሪ መዞሪያ ላይ ይከማቻሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ ቼክ አድርግ። ፍለጋው በየስንት ጊዜው ነው? በየ0.1 ወይም በየ0.2 ሰከንድ ይበቃል፤ ግን ስቲኩ በድንገት ሲቀየር ሳይጠብቅ ወዲያው መፈለግ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎም መዘግየት ይቀራል። ሩትህንም፣ ማለትም የካራክተሩን ቦታና አቅጣጫ የሚይዘውን መነሻ አጥንት፣ እየው። ሩቱ የዳሌውን አቅጣጫ በቀጥታ የሚከተል ከሆነ ዳሌ በየእርምጃው ግራ ቀኝ ስለሚወዛወዝ መንገዱም አብሮ ይወዛወዛል። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ተዋናይ ረድፉ ላይ እባብ ይመስላል። ግማሽ ሰከንድ ያህል አማካይ ወስደህ አለስልሰው።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ፣ `h` ካስቀመጥክበት ቦታ ሆኖ፣ ርቀቱ አሁንም አንድ የተወሰነ መዞሪያ ላይ ብቻ ከፍ ካለ፣ ያን ጊዜ ዳታ ጎድሏል ማለት ነው። ለምሳሌ ከሩጫ ቀኝ እግር ተክሎ 135 ዲግሪ መዞር። ያኔም የምትፈልገው ሌላ አንድ ሰዓት ሳይሆን ያችን መዞሪያ ሁለቴ ሦስቴ በደንብ የሠራ ተዋናይ ነው፤ ከመግቢያውና ከመውጫው ሩጫ ጋር ተደምሮ 20 ሰከንድ አይሞላም።